ከእናቶች ንግግር ወደ ምዕራፍ አራት

የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ምዕራፍ አራት ላይ ሲደርስ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው አንድ ዓይነት ገጽ ነው። ርዕስ ይቀመጣል፤ ከሥሩ «አንዲት ተሳታፊ እንዲህ ብላለች» ይልና ረጅም ጥቅስ ይከተላል፤ ከዚያ «ሌላዋ ተሳታፊም ይህንኑ ሐሳብ ታጠናክራለች» ተብሎ ሌላ ጥቅስ ይደረደራል። ተማሪው ገጠር ወርዶ፣ ድምፅ ቀድቶ፣ የተቀዳውን ቃል በቃል ገልብጦ ያመጣው ንግግር ነው። የሰዎቹ ንግግር እዚያ አለ፤ ጥናቱ ከንግግራቸው ምን እንደተረዳ ግን አልተጻፈም።

አንድ ጉዳይ ይዘን እንየው። በ2019 እ.ኤ.አ. በተካሄደው አነስተኛ የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ 74 በመቶ ያህል እናቶች ከሠለጠነ ባለሙያ የቅድመ ወሊድ ክትትል አግኝተዋል። በጤና ተቋም የተወለዱት ሕፃናት ግን 48 በመቶ ነበሩ። ለክትትል ጤና ጣቢያ የሄደች እናት ስትወልድ ለምን ቤቷ ትቀራለች? ቁጥሩ ይህን አይመልስም፤ ለዚህ ነው ተመራማሪዎች ቁጭ ብለው እናቶችን የሚያነጋግሩት።

አንዲት ተማሪ በአንድ ወረዳ 18 እናቶችን አነጋገረች እንበል። ከዚህ በታች ያሉትን ንግግሮች አሠራሩን ለማሳየት እኔው ያዘጋጀኋቸው ናቸው። አንደኛዋ፣ «ክትትል ስሄድ ሁሉ ደህና ነው አሉኝ። ደህና ከሆንኩ ምን ልሠራ እሄዳለሁ?» ትላለች። ሁለተኛዋ፣ «ቤት ስወልድ እናቴ ከኋላ ደግፋ ትይዘኛለች። እዚያ ግን በር ላይ አስቀሯት» ትላለች። ሦስተኛዋ፣ «ምጡ ሲይዘኝ ባለቤቴ ገበያ ነበር። ማን ይዞኝ ይሂድ?» አራተኛዋ ደግሞ፣ «አምቡላንስ ተደወለ፤ መንገዱ ጭቃ ነው፣ አይገባም አሉ። ጎረቤቶቼ ግን ሁሉም መጥተው ነበር።»

ቶሎ የሚመጣው አከፋፈል የታወቀ ነው። ጭቃው «የትራንስፖርት ችግር» ሥር፣ በር ላይ የቀረችው እናት «የአገልግሎት ጥራት» ሥር፣ ገበያ የሄደው ባል «የባህል ተጽዕኖ» ሥር ይገባሉ። እነዚህ ርዕሶች ከቃለ መጠይቁ ቅጽ የመጡ ናቸው፤ ተማሪዋ ስለ መንገድ ስለጠየቀች ስለ መንገድ ተነገራት። አንዲት እናት ሳታነጋግር በፊትም ልትጽፋቸው ትችል ነበር። በዚህ ዘዴ ስማቸው ደጋግሞ የሚነሣው ቨርጂኒያ ብራውንና ቪክቶሪያ ክላርክ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍና ከዚያም በኋላ አጥብቀው የሚናገሩት ይህንኑ ነው። ስለ አንድ ጉዳይ የተባለውን ሁሉ መሰብሰብ አንድ ነገር ነው፤ ጭብጥ ግን የተለያዩ ንግግሮችን የሚያስተሳስር የጋራ ትርጉም ነው። ጭብጥ ከወረቀቱ በራሱ «ብቅ አለ» የሚለውንም አነጋገር አይቀበሉም፤ የሚያወጣው አንባቢው ተመራማሪ ነውና።

ስለዚህ ተማሪዋ ወደ ገለበጠችው ጽሑፍ ተመልሳ በእያንዳንዱ ንግግር ዳር አጭር መለያ፣ ማለትም ኮድ፣ ትጽፋለች። እዚህ ላይ ያለው ምርጫ የኋላውን ሁሉ ይወስናል። በሁለተኛዋ እናት ንግግር ዳር «ጥራት» ብላ ከጻፈች ነገሩ ተዘጋ። «አብሯት የሚሆን ሰው መከልከል» ብላ ከጻፈች ግን ሌላ መንገድ ይከፈታል። በሦስተኛዋ ዳር «የሚወስድ ሰው አለመኖር»፣ በአራተኛዋ ዳር «መኪናው ሲቀር ሰው መድረሱ» ብላ ስትጽፍ፣ በመንገድ፣ በባልና በበር ላይ የተበተኑት ሦስት ንግግሮች ስለ አንድ ነገር እንደሚናገሩ ማየት ትጀምራለች። ሦስቱም የመውለጃውን ቦታ የሚመዝኑት አጠገባቸው ማን እንደሚኖር በማየት ነው። ይህ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊጻፍና ሊከራከሩበት የሚቻል ሐሳብ ስለሆነ ጭብጥ ሊሆን ይችላል። ርዕሱም «ማኅበራዊ ድጋፍ» ከሚባል «ብቻዬን አልወልድም» ቢባል ይሻላል፤ አንባቢው ገና ከርዕሱ የተባለውን ያውቃል።

አሁን አንቀጹን መጻፍ ነው። ደካማው አጻጻፍ «ተሳታፊዎች ቤተሰብ ወደ ማዋለጃ ክፍል እንደማይገባ ገልጸዋል» ብሎ ጥቅሱን ያስከትላል፤ ጥቅሱ የሚለውን አስቀድሞ ደገመው እንጂ የጨመረው የለም። የተሻለው እንዲህ ሊሄድ ይችላል፦ «እናቶቹ ጤና ጣቢያውን ሲገልጹ ስለ መሣሪያውና ስለ መድኃኒቱ አላማረሩም። ያነሡት የሚይዛቸው ሰው ማጣታቸውን ነው። አንዷ እንዳለችው፣ ‹እናቴ ከኋላ ደግፋ ትይዘኛለች። እዚያ ግን በር ላይ አስቀሯት።› በዚህ ንግግር እናትየዋ በምጡ ላይ ሥራ ያላት ሰው ናት። በር ላይ ስትቀር ወላዷ ያጣችው ጠያቂ ብቻ ሳይሆን አዋላጇ ያልተካቻትን አንዲት ረዳት ነው።» ጥቅሱ ሲወጣም አንቀጹ መናገሩን አያቆምም። እኔ ረቂቅ ሳነብ የማደርገው ፈተና ይኸው ነው፤ ጥቅሶቹን በእጄ ሸፍኜ የቀረውን አነባለሁ። ባዶ ከሆነ ትንታኔው ገና አልተጀመረም።

ቀጥሎ የሚያስፈልገው የማይገጥመውን ንግግር መፈለግ ነው። ከ18ቱ አንዷ ጤና ጣቢያ ወልዳ፣ «አማቴ አብራኝ ገባች፤ ገንፎውም እዚያው ተገነፋ» ብላ ይሆናል። ብዙ ተማሪዎች እንዲህ ያለውን ንግግር ያበላሽብናል ብለው ይተዉታል። እኔ ግን የምዕራፉ ውድ ንግግር ይህ ነው እላለሁ፤ ሰው አብሮ ሲገባ ተቋሙ ተመራጭ እንደሚሆን ስለሚጠቁም ጭብጡን ያጠነክረዋል። በተቃራኒው አንዲት እናት ቤተሰብ ተፈቅዶላትም ቤቷን ከመረጠች፣ ጭብጡ ጠበብ ብሎ እንደገና መጻፍ አለበት።

የመጀመሪያዋ እናት ንግግር እዚህ አልገባም፤ አስገድዶ ማስገባትም አይገባም። እሷ የምትለው ሌላ ነው። ክትትሉ እናቶችን ወደ ተቋም እንዲያመጣ የታሰበ ነበር፤ ለእሷ ግን «ደህና ነሽ» መባሉ ቤቷ እንድትቀር ፈቃድ ሆኗል። ሌሎች እናቶችም ይህን ካሉ ሁለተኛ ጭብጥ ነው። እሷ ብቻ ካለችው ግን አንድ ድምፅ መሆኑ ተገልጾ ይጻፋል። ትርጓሜ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ አንድ አንደበተ ርቱዕ ተሳታፊ ገጹን ሁሉ ትይዝና የአንዷ ሐሳብ የ18ቱ ይመስላል። የየጥቅሱን ባለቤት መለያ ቁጥር ዳር ላይ ጽፎ ማየት ይህን ወዲያው ያጋልጣል። 18 ሰው አነጋግሮ በመቶኛ ማስላት ደግሞ ከንቱ ነው፤ አመራረጡ ለዚያ አልተሠራምና።

አንድ ጥንቃቄ ይቀራል። «ደህና አሉኝ» ያለችው እናት ይህን የተናገረችው ከወለደች በኋላ፣ የጤና ባለሙያ ለመሰለቻት ጠያቂ ነው። ምክንያቱ ያኔ የወሰነችበት ላይሆን ይችላል፤ ከወቀሳ የሚያድናት መልስም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ተማሪዋ «ቤት የወለደችው ደህና ስለተባለች ነው» ብላ ከመጻፍ፣ «ቤት መውለዷን ያስረዳችው ደህና በመባሏ ነው» ብላ ትጻፍ። የኋለኛው በእጇ ባለው ንግግር ልታረጋግጠው የምትችለው ነው። ክትትሉ በእርግጥ እንደዚያ እያስቀራቸው እንደሆነ ለማወቅ ግን አዋላጆቹ በክትትሉ ቀን ምን እንደሚሉ ሄዳ መስማት ይኖርባታል።