ለሟች ባል ጡረታ የሚላክ ቃለ መሐላ

ባሏ በአገር ቤት ያረፈባት አንዲት እህታችን፣ ለጡረታ መሥሪያ ቤት የሚቀርብ ቃለ መሐላ ይዛ ወደ እኛ መጣች። ለሚስት የሚደርሰው የሟቹ አበል ግማሽ ነው። ጽሑፉ የተዘጋጀው ግን ደላላ በፓስፖርቷ ባስገባላት ስም ብቻ ነበር። የጋብቻ ወረቀቷ በእናት አባቷ ባወጡላት ስም ስለሆነ፣ መዝገብ የሚያየው ሠራተኛ ሌላ ሴት ናት ማለቱ አይቀርም።

ስለዚህ ሁለቱም ስሞች የእርሷ መሆናቸውን፣ የተጋቡበትንና ያረፈበትን ቀን፣ እስከ ዕለተ ሞቱም እንዳልተፋቱ ጨምረን ጻፍንላት። ቆንስላው ፊት ሳትቀርብ እንዳትፈርም አስጠነቀቅናት። ወረቀቱ አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል።

መሐላ ብቻውን ሚስትነትን አያስረዳም፤ የጋብቻና የሞት ምስክር ወረቀት አብረው ይላካሉ። የጋብቻ ወረቀት የሌላት እህት በወኪሏ አማካይነት ለፍርድ ቤት አመልክታ በሰው ምስክር ታስረዳለች። የዚህችኛዋ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በወንድሟ እጅ ተገኝቷል።