ሳይናዘዝ የሞተ ሰው ሀብት፦ እናትና አባት ድርሻ አላቸው?

ባለትዳርና የልጆች አባት የሆነ ወገናችን ሳይናዘዝ በድንገት ሲያርፍ፣ ለቅሶው ቤት ውስጥ በለሆሳስ የሚነሳ ጥያቄ አለ። «ለእናቱስ ምን ይደርሳቸዋል?» ይባላል። እናቲቱ ልጃቸው አውሮራ አስመጥቷቸው አብረውት የሚኖሩ፣ ወይም አገር ቤት ሆነው እሱ በሚልከው የሚተዳደሩ ሲሆኑ ጥያቄው ይከብዳል። የኮሎራዶ ሕግ መልስ ግን አጭር ነው፤ ሟቹ ልጅ ካለው ወላጆቹ አይወርሱም።

በዚህ ነጥብ የአገራችን ሕግም አይለይም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆችን በመጀመሪያ፣ ወላጆችን በሁለተኛ ደረጃ ያስቀምጣል። የሚለየው በትዳር ጓደኛ ላይ ነው። አገር ቤት ሚስት ከጋራ ሀብቱ ግማሹን ትወስዳለች እንጂ ባሏ ካልተናዘዘላት የእሱ ወራሽ አይደለችም። እዚህ ግን ቀዳሚዋ ወራሽ እሷ ናት። የሟቹ ልጆች ሁሉ ከእሷ የተወለዱ ከሆኑና እሷም ከሌላ የወለደችው ከሌላት፣ ሁሉን ጠቅልላ ትወርሳለች።

ሟቹ ከሌላ የወለደው ልጅ ካለ ስሌቱ ይለወጣል። አንድ ሰው ከሚስቱ ሁለት ልጆች፣ ከቀድሞ ትዳሩ ደግሞ ጎንደር ያለች አንዲት ልጅ አሉት እንበል። ዕዳው ሁሉ ተከፍሎ 450,000 ዶላር ተረፈ። ሚስቲቱ መጀመሪያ 150,000 ዶላር ትወስዳለች። ከቀሪው 300,000 ደግሞ ግማሹ የእሷ ነው፤ ድርሻዋ 300,000 ሆነ ማለት ነው። የተረፈው 150,000 ለሦስቱ ልጆች እኩል ሲካፈል ለእያንዳንዳቸው 50,000 ይደርሳል። የጎንደሯ ልጅ አሜሪካዊት አለመሆኗ ድርሻዋን አያስቀርባትም። የሟቹ እናት ግን ከዚህ ሁሉ አንድም ሳንቲም አያገኙም። (150,000 ሕጉ የተነሣበት መጠን ነው፤ ከኑሮ ውድነቱ ጋር ስለሚስተካከል ዛሬ ከዚያ ይበልጣል።)

ይህ ክፍፍል የሚመለከተው በሟቹ ስም ያለውን ሀብት ብቻ ነው። ቤቱ በባልና ሚስት ስም ከሆነ የባለቤትነት ሰነዱን አውጥቶ ማየት ያስፈልጋል። «ጆይንት ቴናንትስ» የሚል ከተጻፈበት ቤቱ በቀጥታ በሕይወት ላለው ይተላለፋል። ያ ቃል ከሌለ፣ ሁለቱም ስሞች ቢኖሩም የሟቹ ድርሻ ወደ ውርሱ ሊገባ ይችላል። ብዙ ቤተሰብ የሚደናገጠው እዚህ ላይ ነው።

የሕይወት ኢንሹራንስም እንዲሁ በውሉ ላይ ለተመዘገበው ሰው ይከፈላል። ስለዚህ ያለ ኑዛዜም ቢሆን ለእናት የሚተርፍበት አንዱ መንገድ፣ ልጅየው በሕይወት ሳለ ስማቸውን እዚያ ማስመዝገቡ ነው።

ጉዳዩ የሚቀርበው ሟቹ ይኖርበት በነበረው ካውንቲ ነው። የዴንቨር ነዋሪ ከነበረ ወደ ዴንቨር ፕሮቤት ፍርድ ቤት ይኬዳል። አውሮራ ግን በአራፓሆ፣ በአዳምስና በዳግላስ ካውንቲዎች የተከፋፈለች ስለሆነች፣ አስቀድሞ ቤቱ በየትኛው እንደሚገኝ ይጣራና ወደዚያው ካውንቲ ዲስትሪክት ፍርድ ቤት ይኬዳል።