በፓርቶግራፉ ላይ ያሉት ሁለት መስመሮች

ምጥ የያዛት እናት ጤና ጣቢያ ገብታ የማህፀን በሯ 4 ሴንቲ ሜትር መከፈቱ ሲረጋገጥ፣ አዋላጇ ባለ ካሬ ወረቀት አውጥታ መሙላት ትጀምራለች። ወረቀቱ ፓርቶግራፍ ይባላል። መሃሉ ላይ ከግራ ታች ወደ ቀኝ ላይ ጎን ለጎን የሚወጡ ሁለት ሰያፍ መስመሮች ታትመዋል። የግራው የማስጠንቀቂያ መስመር፣ የቀኙ የእርምጃ መስመር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 4 ሰዓት ነው።

እነዚህን መስመሮች እ.ኤ.አ. በ1972 ያስተዋወቁት በያኔዋ ሮዴዢያ፣ በዛሬዋ ዚምባብዌ ይሠሩ የነበሩት ፊልፖትና ካስል ናቸው። ችግሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። እናቶች በየአካባቢው ክሊኒክ በአዋላጆች እጅ ያምጣሉ፤ ቀዶ ሕክምና ያለው ግን ራቅ ባለው ትልቅ ሆስፒታል ነው። የትኛዋ እናት መቼ ወደዚያ ትላክ? ሁለቱ ተመራማሪዎች የመጀመሪያ ልጃቸውን ከሚወልዱት መካከል ምጣቸው በጣም የዘገየውን ወስደው የማህፀን በራቸው በሰዓት ወደ 1 ሴንቲ ሜትር እንደሚከፈት አዩ፤ የማስጠንቀቂያውንም መስመር በዚሁ ፍጥነት አሰመሩት። ከዚህ መስመር ወደ ቀኝ የወጣች እናት ትላካለች። ቀጣዮቹ 4 ሰዓታት ለመጓጓዣና በሆስፒታሉ ለሚደረገው ምርመራ የተተዉ ናቸው። ስለዚህ የማስጠንቀቂያ መስመር ማለፍ «ቀዶ ሕክምና ይደረግ» ማለት አይደለም። «መንገድ የሚያስፈልግ ከሆነ መነሻው አሁን ነው» ማለት ነው።

ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው የማህፀን በር ብቻ አይደለም። የጽንሱ የልብ ምትና በ10 ደቂቃ ውስጥ ምጡ ስንት ጊዜ እንደመጣ በየግማሽ ሰዓቱ ይመዘገባሉ። የምጡ ቁጥር በካሬዎች ብዛት ይታያል፤ እያንዳንዱ ምጥ ከ20 ሰከንድ ካነሰ ካሬው በነጠብጣብ፣ ከ20 እስከ 40 ከሆነ በሰያፍ ጭረት ይሞላል፣ ከ40 ካለፈ ሙሉ በሙሉ ይጠቆራል። የማህፀን በር መከፈት በየ4 ሰዓቱ በጣት ተለክቶ በኤክስ ምልክት ይሰፍራል። አዋላጇ ሆዷን በእጇ ዳብሳ የሕፃኑ ጭንቅላት ከዳሌ አጥንት በላይ ምን ያህል እንደቀረ በአምስት እጅ ከፍላ ትገምታለች፤ ይህ በክብ ይመዘገባል። የእንሽርት ውሃው ሁኔታ፣ የራስ ቅል አጥንቶች መደራረብ፣ የእናትየው የልብ ትርታ፣ የደም ግፊት፣ ሙቀትና ሽንትም የየራሳቸው ረድፍ አላቸው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ እናት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጤና ጣቢያ ገባች እንበል። የማህፀን በሯ 4 ሴንቲ ሜትር ተከፍቷል፤ የመጀመሪያው ኤክስ በማስጠንቀቂያው መስመር ላይ ይቀመጣል። ጭንቅላቱ ከአምስት አራቱ ገና ላይ ነው። የጽንሱ ልብ በደቂቃ 136 ጊዜ ይመታል። ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ አዋላጇ ደግማ ስትመረምር 6 ሴንቲ ሜትር አገኘች። በመስመሩ መሠረት 8 መሆን ነበረበት። 6 ሴንቲ ሜትር ደግሞ መገኘት የነበረበት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ አዲሱ ኤክስ ከማስጠንቀቂያው መስመር በ2 ሰዓት ወደ ቀኝ ያርፋል።

«ትንሽ እንጠብቅ» ቢባልስ? ምጡ በዚሁ ፍጥነት ከቀጠለ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ 8 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ይህ ነጥብ የሚያርፈው በትክክል በእርምጃው መስመር ላይ ነው። መንገዱ 2 ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ፣ በ6 ሰዓት የተነሳችው እናት በ8 ሰዓት ሆስፒታል ትገባለች። በ10 ሰዓት የተነሳችው ግን ምሽት 12 ሰዓት፣ የእርምጃው መስመር ካለፋት 2 ሰዓት በኋላ ትደርሳለች። የመጠበቁ ዋጋ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ የሚነሳው ጥያቄ ምጡ ለምን ዘገየ የሚለው ነው፤ መልሱም ከሌሎቹ ረድፎች ይነበባል። ምጡ በ10 ደቂቃ 2 ጊዜ ብቻ እየመጣ ከ25 ሰከንድ የማይበልጥ ከሆነ፣ ጭንቅላቱም ወደ ታች እየወረደ ከሆነ፣ ችግሩ የምጥ ድክመት ሊሆን ይችላል። ፊኛዋ ሞልቶ እንደሆነ ሽንት ትሸናለች፣ ፈሳሽ ትወስዳለች፣ ትንቀሳቀሳለች፤ ሆስፒታል ውስጥ ደግሞ የእንሽርት ውሃውን ማፍሰስ ወይም ኦክሲቶሲን መስጠት ይታሰባል። ምጡ 4 ጊዜ እየመጣ እያንዳንዱ 45 ሰከንድ የሚቆይ፣ ጭንቅላቱ ግን ከነበረበት ያልተነቃነቀ፣ የራስ ቅሉ አጥንቶችም የተደራረቡ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። ማህፀኑ በሚገባ እየገፋ ነው፤ ሕፃኑ ግን ማለፍ አልቻለም። በዚህ ላይ ኦክሲቶሲን መጨመር ማህፀን ሊቀድ ይችላል፤ አደጋው ቀደም ብለው በወለዱ እናቶች ላይ ይበረታል። ሳይታወቅ ለረጅም ጊዜ የታፈነ ምጥ ሕፃኑን ይገድላል፤ የተረፈችውንም እናት ለፊስቱላ ይዳርጋል።

በሁለቱም ሁኔታዎች ቀዶ ሕክምና በሌለበት ጤና ጣቢያ ያለች እናት መውለጃዋ ካልተቃረበ በቀር ትላካለች። የእርምጃው መስመር ላይ ሲደረስ ደግሞ በሆስፒታል ውስጥ ምክንያቱ ተለይቶ ምጡን ለማገዝ ወይም ቀዶ ሕክምና ለማድረግ ውሳኔ ይሰጣል። መስመሩ ባይታለፍም የማይጠብቁ ምልክቶች አሉ። የጽንሱ የልብ ምት በተደጋጋሚ ከ110 በታች ወይም ከ160 በላይ ከሆነ፣ ወይም የእንሽርት ውሃው ወፍራም አረንጓዴ ሆኖ ከታየ፣ ኤክሱ የትም ይሁን የት እርምጃ ያስፈልጋል።

ወረቀቱ የሚያሳስትባቸው መንገዶችም አሉ። በ2 ወይም በ3 ሴንቲ ሜትር ከተጀመረ ገና ያልጠነከረ ምጥ የዘገየ ይመስላል፤ ያለ በቂ ምክንያትም ሪፈር ይጻፋል። ልኬቱ የጣት ግምት በመሆኑ ሁለት መርማሪዎች በ1 ሴንቲ ሜትር ሊለያዩ ይችላሉ፤ ስለዚህ ቢቻል ያው ባለሙያ ደግሞ ቢመረምር ይሻላል። ከሁሉ የከፋው ግን ከወሊድ በኋላ የሚሞላው ፓርቶግራፍ ነው። የልብ ምቱ ከላይ እስከ ታች 140 የሆነበት፣ ኤክሶቹ ሁሉ መስመሩ ላይ የተሰደሩበት፣ በአንድ እስክሪብቶና በአንድ ቁጭታ የተጻፈ ወረቀት መዝገብ ያሟላ ይሆናል እንጂ ማንንም አላስጠነቀቀም።

መስመሩ ራሱም ትችት ደርሶበታል። ከ1 ሴንቲ ሜትር ባነሰ ፍጥነት እየሄዱ በሰላም የሚወልዱ ብዙ እናቶች እንዳሉ ጥናቶች አሳይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 በሰዓት 1 ሴንቲ ሜትር ለሁሉም እናት መለኪያ እንዳይሆን መከረ፤ በ2020 ያወጣው አዲሱ የምጥ መከታተያ ቅጽም ሰያፍ መስመር የለውም። ክትትሉ ከ5 ሴንቲ ሜትር ይጀምራል፤ ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትርም የራሱ የጊዜ ገደብ ተሰጥቶታል። በ5 ላይ 6 ሰዓት፣ በ9 ላይ 2 ሰዓት የቆየች እናት ትኩረት ያስፈልጋታል። ቅጹ ቢለወጥም ሥራው አንድ ነው፦ በሰዓቱ መለካት፣ በሰዓቱ መጻፍ፣ የተጻፈውን አይቶ መወሰን።

ቤተሰብም ድርሻ አለው። አዋላጇ «ሪፈር ልጽፍ ነው» ስትል እናትየው ደህና ብትመስልም አትከራከሯት፤ ለምን እንደሆነ ጠይቋት፣ መኪናውን ግን እየጠየቃችሁ አስነሱ።