ፖሙ አረንጓዴ ነው፤ ግን በስሏል

በስፔን አንድ ፍራፍሬ ሻጭ ቆዳው እስከ መጨረሻው አረንጓዴ ሆኖ የሚቀር የፖም ዓይነት አንስቶ «ኤስ ቤርዴ፣ ፔሮ ኖ ኤስታ ቤርዴ» ቢል፣ ስፓኒሽ ጀማሪው ግር ይለዋል። «ቤርዴ» አረንጓዴ እንደሆነ ተምሯል፤ «ፔሮ ኖ» ደግሞ «ግን አይደለም» ነው። ታዲያ አረንጓዴ ነው ወይስ አይደለም? ለስፔኖቹ ነገሩ ምንም ግራ አያጋባም። ሻጩ ያለው «ቀለሙ አረንጓዴ ነው፤ ጥሬ ግን አይደለም» ነው።

ትርጉሙን የለወጠው ቅጽሉ ሳይሆን አብሮት የመጣው ግስ ነው። እኛ በ«ነው» የምንጨርሰውን ስፓኒሽ ለሁለት ግሶች ያካፍለዋል፤ አንዱ «ሴር»፣ ሌላው «ኤስታር» ይባላል። «ኤስ» የመጀመሪያው፣ «ኤስታ» የሁለተኛው እርባታ ነው። አንዳንድ ቅጽሎች ከ«ሴር» ጋር አንድ ነገር፣ ከ«ኤስታር» ጋር ፍጹም ሌላ ነገር ይሆናሉ።

ብዙ መምህራን ነገሩን ለማቅለል «ቋሚ ከሆነ ሴር፣ ጊዜያዊ ከሆነ ኤስታር» ይላሉ። ለመጀመሪያው ሳምንት ይበቃ ይሆናል። ግን ከሞት የበለጠ ቋሚ ነገር ምን አለ? ስፓኒሽ ግን የሞተን ሰው «ኤስታ ሙዌርቶ» ነው የሚለው፣ በኤስታር። በተቃራኒው ወጣትነት ሲያልፍ እያየነው እንኳ «ኤስ ሆቤን» ይባላል፣ በሴር። ስለዚህ የሚቆጠረው ጊዜ አይደለም። ሴር ሰውየው ወይም ዕቃው ምን ዓይነት እንደሆነ ይናገራል፤ ኤስታር ደግሞ ያለበትን ሁኔታ፣ ብዙ ጊዜም ከቀድሞው ተለውጦ የደረሰበትን። ኤስታር የመጣው «መቆም» ከሚለው የላቲን ግስ ስለሆነ፣ «አሁን የት ላይ ቆሟል?» ብሎ እንደ መጠየቅ ነው።

አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ ጥሩ ፍንጭ አለው። እኛ «ነው»ን ትተን በግስ የምንናገረው አብዛኛው ነገር ኤስታርን ይወስዳል፦ ሞቷል፣ በስሏል፣ ታሟል፣ ተዘጋጅቷል፣ ሰልችቶታል። «ኤስቶይ አቡሪዶ» ያለ ሰው «ሰልችቶኛል» ማለቱ ነው። «ሶይ አቡሪዶ» ካለ ግን «እኔ አሰልቺ ሰው ነኝ» ብሎ በራሱ ላይ መሰከረ። «ሊስቶ»ም እንዲሁ ነው፤ «እንሂድ?» ተብሎ ተጠይቆ «ኤስቶይ ሊስቶ» በማለት ፈንታ «ሶይ ሊስቶ» የሚል ተማሪ «ተዘጋጅቻለሁ» ያለ መስሎት «ብልጥ ነኝ» ብሏል።

ፍንጩ የማይሠራበት ቦታ ማዕድ ነው፤ እኛ ለምግብም «ይጣፍጣል» ወይም «ጣፋጭ ነው» እያልን እንደ ልብ እንለዋውጣለንና። ስፔን ውስጥ እራት ተጋብዘህ ሾርባ ቀረበልህ እንበል። አንድ ማንኪያ ቀምሰህ «ላ ሶፓ ኤስታ ቡዌና» ብትል ባለቤቲቱ ደስ ይላታል፤ «ይቺ የሠራሽው ሾርባ ጣፍጣለች» ብለሃልና። ኤስታር እዚህ ላይ ራስህ መቅመስህንም ጭምር ይናገራል። «ላ ሶፓ ኤስ ቡዌና» ካልክ ግን ሾርባ ጥሩ ምግብ ነው፣ ለጤና ይስማማል ወደሚል አጠቃላይ አስተያየት ታዘነብላለህ። ሐኪም ቢለው ያምርበታል፤ የሰው ማዕድ ላይ ግን ምስጋናው ጎደሎ ይሆናል። «ሪኮ» የሚለው ቅጽልም ለምግብ ከኤስታር ጋር «ጣፋጭ» ሲሆን፣ ለሰው ከሴር ጋር «ሀብታም» ነው።

ይህን የማዕድ ልማድ ወደ ሰው ሲያሻግሩት ግን ጥንቃቄ ያሻል። ስለ መምህር «ኤስ ቡዌኖ» ማለት «ጥሩ ሰው ነው» ወይም «ጎበዝ መምህር ነው» ማለት ነው። «ኤስታ ቡዌኖ» ያለች ተማሪ ግን የመምህሯን ገላ እያደነቀች ነው፤ ክፍሉ በሳቅ ቢፈርስ አይገርምም። «ማሎ»ም ሁለት ፊት አለው፤ «ኤስ ማሎ» ክፉ ሰው ነው፣ «ኤስታ ማሎ» ግን በስፔን አነጋገር አሞታል። ከሁሉ እኔን የሚያስቀኝ ስፔኖች ሰውነታቸው ጥሩ ሳይሰማቸው ሲቀር የሚሉት «ኖ ኤስቶይ ሙይ ካቶሊኮ» ነው። ቃል በቃል «ብዙም ካቶሊክ አይደለሁም» ይላል፤ ግን በኤስታር ስለሆነ ሃይማኖትን አይነካም።

ድንበሩ በየአገሩ አንድ አይደለም። የቋንቋ ተመራማሪዋ ካርመን ሲልቫ-ኮርባላን በ1986 ባሳተሙት ጥናት፣ በሎስ አንጀለስ የሚኖሩ የሜክሲኮ ተወላጆች ኤስታርን ድሮ የሴር ወደነበሩ ቦታዎች እያስገቡት መሆኑን አሳይተዋል። እንዲህ ባለው አነጋገር ያልተለወጠ፣ ሲሠራም ትንሽ የነበረ ቤት «ኤስታ ቺካ» ሊባል ይችላል። ማድሪድ ውስጥ በኤስታር የተነገረውን የሰማ ሰው ግን ቤቱ ለቤተሰቡ ጠቦ እንደሆነ ሊጠይቅ ይችላል።