ሪማፕ ጉልበቱን ከየት ያመጣል?

ሞተር ሳይፈታ፣ አንድ ብሎን ሳይላላ፣ ከመሪው ሥር ባለው ሶኬት ላፕቶፕ ተሰክቶ የአንድ ቱርቦ መኪና ጉልበት ከሩብ በላይ ሊጨምር ይችላል። ሪማፕ የሚባለው ይህ ሥራ ማታለያ አይደለም፤ ጭማሪው በጉልበት መለኪያ ላይ በግልጽ ይታያል። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር ነው፦ ጉልበቱ ሞተሩ ውስጥ ከነበረ ፋብሪካው ለምን ተወው? ፋብሪካው ለደካማ ቤንዚን፣ ለሙቀት፣ ለከፍታና ለእርጅና መጠባበቂያ ያስቀምጣል፤ ሪማፕ የሚያወጣውም ከዚሁ መጠባበቂያ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር በሚያልፍ ከተማ ለሚነዳ ሰው ይህ ነገር ልዩ ትርጉም አለው፤ አዲስ አበባ ላይ የመጠባበቂያው አንድ ክፍል ማንም ሳይነካው በከፍታው ተበልቷል።

የሞተሩ ኮምፒውተር የሚሠራው በሰንጠረዦች ነው። በአንድ ወገን የሞተሩ ዙር በደቂቃ፣ በሌላው ወገን ሲሊንደሩ የሳበው የአየር መጠን ይቀመጣል፤ ሁለቱ በሚገናኙበት ሳጥን ውስጥ አንድ ቁጥር ይገኛል። የማቀጣጠያው ሰንጠረዥ ቁጥር፣ ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ ስንት ዲግሪ በፊት ካንዴላው ብልጭታ መስጠት እንዳለበት ይናገራል። የነዳጁ ሰንጠረዥ ደግሞ አየሩና ቤንዚኑ በምን መጠን ይደባለቁ የሚለውን ይወስናል። በአዳዲስ ሞተሮች ከእነዚህ በላይ ሌላ ንብርብር አለ፦ ፔዳሉ የሚጠይቀው ጉልበት፣ ቱርቦው የሚሰጠው ግፊት፣ እንዲሁም የሁሉም ጣሪያ። ስለዚህ ጥሩ ሪማፕ ሠሪ አንድ ቁጥር ለውጦ አይሄድም። ጣሪያዎቹን ያነሣል፣ የቱርቦውን ግፊት ይጨምራል፣ ከዚያ ነዳጁንና ብልጭታውን ከአዲሱ አየር ጋር ያስታርቃል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ማስታወቂያ መታረም አለበት፤ ሪማፕ ቤንዚን ይቆጥባል የሚለው። በተለመደ መንዳት ጊዜ በማርሚታው መስመር ላይ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ድብልቁን ያለማቋረጥ ይለካና ወደ 14.7 የአየር ክፍል ለ1 የቤንዚን ክፍል ይመልሰዋል። የነዳጁን ሰንጠረዥ ቢያቀጥኑት ሴንሰሩ ያርመዋል። በነዳጁ ሰንጠረዥ ላይ የሚጻፈው ለውጥ በእውነት የሚሠራው ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ነው፤ ያኔ ፋብሪካው ራሱ ትርፍ ቤንዚን ይጨምራል፣ የሚተነው ቤንዚን ሙቀት ስለሚወስድ ቱርቦውና ካታሊስቱ እንዳይቃጠሉ። ቱርቦ የሌለው ቪትዝ ወይም ኮሮላ ላይ ደግሞ ነገሩ የባሰ ባዶ ነው። ጉልበቱን የሚወስነው የሚገባው አየር ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ያ አየር ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ያንሳል፤ አየር ደግሞ በቁጥር አይጻፍም። እንዲህ ያለ መኪና ላይ ለሪማፕ የሚከፈል ገንዘብ በአብዛኛው የሚገዛው የፔዳሉን ፈጣን ምላሽ እንጂ ጉልበት አይደለም።

ብልጭታው ላይ ያለው አደጋ ይበልጣል። ቃጠሎ ጊዜ ይወስዳል፤ ስለዚህ ብልጭታው ቀደም ብሎ ከተሰጠ ከፍተኛው ግፊት ፒስተኑ ወደ ታች መውረድ በጀመረበት ምቹ ቅጽበት ላይ ይደርሳል፣ ጉልበቱም ይጨምራል። ከልክ በላይ ከቀደመ ግን እሳቱ ያልደረሰበት የድብልቅ ክፍል በግፊትና በሙቀት ብቻ በራሱ ይፈነዳል። ሞተር ማንኳኳት የሚባለው ይህ ነው። ኦክቴኑ ከፍ ያለ ቤንዚን ይህን ፍንዳታ ይቋቋማል፤ ለ98 ኦክቴን የተጻፈ ሰንጠረዥ ዝቅ ባለ ቤንዚን ሲነዳ ግን ማንኳኳቱ ይመጣል። ብዙዎች ሞተሩ ላይ የማንኳኳት ሴንሰር ስላለ ስጋት የለም ይላሉ። እውነት ነው፤ ሴንሰሩ ሲሰማ ኮምፒውተሩ ብልጭታውን ጥቂት ዲግሪ ያዘገያል። ነገር ግን እንዲሰማ መጀመሪያ ማንኳኳት አለበት። የዘገየ ብልጭታም የማርሚታውን ጋዝ ያሞቃል፤ ሙቀቱ ከፒስተኑ ተነሥቶ ወደ ቱርቦው ይሻገራል ማለት ነው። ከዚህም ሌላ፣ በዝቅተኛ ዙር ከባድ ጭነት ሲኖር፣ ብልጭታው ሳይሰጥ ድብልቁ አስቀድሞ የሚቀጣጠልበት ክስተት አለ፤ የፒስተንን ፋሻ መቀመጫ በአንድ ምት ሊሰብር ይችላል። ብልጭታውን ማዘግየት እሱን አያስቆመውም፣ የሚነሣው ከብልጭታው በፊት ነውና።

ነገሩን በአንድ መኪና እንየው። የሰባተኛው ትውልድ ቮልስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ ባለ 2 ሊትር ቱርቦ ሞተር ሲሆን ከፋብሪካ በ220 የፈረስ ጉልበት ወጥቷል። የአውሮፓ ሪማፕ ሠሪዎች ሌላ ዕቃ ሳይቀይሩ 290 ገደማ ያደርሱታል። ለስሌት እንዲመች፣ በባሕር ወለል ላይ ፋብሪካው ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ከከባቢው 2 እጥፍ፣ ሪማፑ ደግሞ 2.4 እጥፍ ይጨምቃል እንበል። አዲስ አበባ ላይ የከባቢው ግፊት የባሕር ወለሉ 75 በመቶ ገደማ ነው። ያንኑ የፋብሪካ ግፊት ለማግኘት ቱርቦው አየሩን 2.7 እጥፍ ገደማ መጨመቅ ይኖርበታል፤ የሪማፑን ለማግኘት ደግሞ 3.2 እጥፍ። ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም። ቱርቦው ለዚያ በጣም መፍጠን አለበት፤ ሲጨመቅ የሚሞቀውም አየር፣ 20 ዲግሪ ሆኖ ቢገባ፣ በ2 እጥፍ ጊዜ 110 ዲግሪ ገደማ የነበረው በ3.2 እጥፍ ከ180 ያልፋል። ማቀዝቀዣው ከዚያ ሁሉ ጋር ይታገላል፤ ያልቀዘቀዘው ደግሞ ማንኳኳትን ይጠራል። ፋብሪካዎች ይህን ስለሚያውቁ ከፍታ ሲጨምር ግፊቱን የሚቀንስ ጣሪያ ይጽፋሉ። ጀርመን ወይም ዱባይ ተጽፎ በኢሜይል የመጣ ፋይል ያንን ጣሪያ አንሥቶ ከሆነ፣ ቱርቦው ከልኩ በላይ ሲሽከረከር የሚያስቆመው ነገር የለም።

በጣም ጠንካራው መቃወሚያ ግን ሌላ ነው። ፋብሪካው ራሱ አንዱን ሞተር በተለያየ ጉልበት ይሸጣል፤ ጎልፍ አር ያው ባለ 2 ሊትር ሞተር ኖሮት 300 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል፤ ታዲያ ጂቲአዩ ለምን አይችልም? ከፊሉ ልክ ነው። ጂቲአዩ ራሱ በአንድ ዓይነት ቱርቦ ከ220 እስከ 245 ባሉ ዓይነቶች ወጥቷል፤ ስለዚህ ጥቂት ጉልበት ለገበያ ምክንያት ተይዞ እንደነበር ግልጽ ነው። ወደ 300 ለመውጣት ግን ፋብሪካው ሶፍትዌር ብቻ አልለወጠም። ለአሩ ትልቅ ቱርቦ፣ የተለየ ፒስተንና ሙቀት የሚችል የጭስ ቫልቭ ሰጥቶታል። ይህ ሞተሩን የሠሩት ሰዎች ሰንጠረዡ ብቻውን የት ድረስ እንደሚሄድ የሰጡት ፍርድ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ጭነት ደግሞ ሞተሩ ጋ አያበቃም፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ እጅ የሚሰጠው ፍሪሲዮኑ ነው፤ ዙሩ ሲዘል መኪናው አብሮ አይፈጥንም።

ዋስትናን በተመለከተ፣ የድሮውን ፋይል መልሶ መጫን ዱካ ያጠፋል የሚለው እምነት ብዙ ሰው ያስከፍላል። ኮምፒውተሩ ስንት ጊዜ እንደተጻፈበት ይቆጥራል፤ አሜሪካ ውስጥ የቮልስዋገንና የአውዲ ወኪሎች የተለወጠ ሶፍትዌር ሲያገኙ በመኪናው መዝገብ ላይ TD1 የሚል ምልክት ያስቀምጣሉ፣ ከዚያ ወዲያ የሞተርና የካምቢዮ ጥያቄ በቀላሉ አያልፍም። በዚያው አገር የ1975ቱ የዋስትና ሕግ ለባለመኪናው የሚያግዝ ነገር አለው፤ ዋስትና ሰጪው ብልሽቱን ለውጡ እንዳመጣው ማሳየት ይጠበቅበታል። የተሰበረ መስኮት ማንሻን በሪማፕ ሊያሳብብ አይችልም፤ ለቀለጠ ፒስተን ግን ማስረጃው ቀላል ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ አብዛኛው መኪና ያገለገለ ሆኖ የገባ ስለሆነ የፋብሪካ ዋስትና ጥያቄው እምብዛም አይነሣም። ዋስትና የለም ማለት ደግሞ አደጋው በሙሉ የባለቤቱ ነው ማለት ነው። በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ የተበላሸን ሞተር ተወት አድርጎ ሌላ መኪና መፈለግም እንደ ቀድሞው አይደለም።

ጭሱን በሚመለከት፣ ሶፍትዌር ብቻውን ምን ሊያደርግ እንደሚችል ዓለም በመስከረም ወር 2015 አይቶታል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ያን ጊዜ እንዳስታወቀው፣ የቮልስዋገን ናፍጣ መኪኖች በፈተና ላይ ንጹሕ ሆነው በመንገድ ላይ ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ይለቁ ነበር፤ ልዩነቱን የፈጠረው ኮዱ ነው። በቤንዚን ሞተር ላይ ካታሊስቱ ሦስቱንም መርዞች ማጥፋት የሚችለው ድብልቁ በ14.7 ዙሪያ ባለች ጠባብ ክልል ውስጥ ሲሆን ብቻ ነው። ቤንዚኑ ሲበዛ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያልፋል፣ ሲቀጥን ናይትሮጅን ኦክሳይድ። ሪማፑ በሙሉ ጉልበት ላይ ብቻ ከሠራ፣ ቆሞ በሚሠራ ሞተር ላይ የሚደረግ የጭስ መለኪያ ምንም አያገኝም፣ እነዚያ ሳጥኖች አልተነኩምና። ካታሊስቱ ተነቅሎ ከኋላ ያለው ሴንሰር በሶፍትዌር ዝም እንዲል ሲደረግ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ይህ አሜሪካ ውስጥ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው፤ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ እንደሚደረገው ምርመራው የመኪናውን ኮምፒውተር ሲያነብም፣ የካታሊስቱ ራስ ፍተሻ እንዳልተጠናቀቀ ሊያሳይ ይችላል። የሚተነፍሰው ሰው ግን ምርመራ ባይኖርም ይተነፍሰዋል።

ጠንቃቃ ባለሙያ ጥሩ ሪማፕ ሊሠራ ይችላል ለሚሉ፣ አዎ ይችላል። መለያው ግን የወረቀት ጉልበት አይደለም። ፋይሉን ከመጫኑ በፊት ዋናውን አንብቦ ቅጂውን ለባለቤቱ ይሰጣል፤ ሲጽፍ ባትሪው እንዳይወርድ ቋሚ ኃይል ያገናኛል፣ አለበለዚያ ኮምፒውተሩ መሐል ላይ ሊሞት ይችላልና። ከዚያ በዚሁ ከተማ፣ በዚሁ ማደያ ቤንዚን፣ መኪናው እየተነዳ ስካነሩ ይመዘግባል። በየሲሊንደሩ ብልጭታው ምን ያህል እየዘገየ እንደሆነ ይታያል፤ በሙሉ ጉልበት ደጋግሞ ከሦስትና ከአራት ዲግሪ በላይ የሚዘገይ ሲሊንደር ካለ ሰንጠረዡ ለዚያ ቤንዚን አይሆንም፣ መቀነስ አለበት። የቱርቦው ግፊት የታዘዘውን ሳይደርስ መቆጣጠሪያው እስከ መጨረሻው ከተዘጋ፣ ቱርቦው ለከፍታው አልበቃም። ይህን መዝገብ የማያሳይ፣ የከፍታውን ጣሪያ ነክቶ እንደሆነ የማይመልስ፣ ካታሊስት እንዲነቀል የሚመክር ሰው ጋ መኪናዎን አይስጡ።