ወንበሩ ርካሽ፣ ስብሰባው ውድ

ቦሌ አካባቢ ለአንድ ሰው ብቻ ቢሮ ልከራይ ብሎ የወጣ ሰው፣ የወራት ቅድሚያ ክፍያውን፣ ዕቃውንና ኢንተርኔቱን ሲደምር ሐሳቡን ቶሎ ይቀይራል። አይስአዲስ እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራ ከጀመረ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ሌላ አማራጭ መጥቷል፤ በወር እየከፈሉ ከሌሎች ጋር የሚሠሩበት የጋራ ቢሮ። ችግሩ የሚጀምረው የዋጋ ዝርዝሩ ፊት ሲቆሙ ነው።

ዝርዝሩ ላይ ሁለት ዋና የአባልነት ዓይነቶች አሉ። በሆት ዴስክ ክፍት ያገኙት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ፤ ማታ ዕቃዎን ጠራርገው ይሄዳሉ። ዴዲኬትድ ዴስክ ግን የእርስዎ ብቻ ነው። ሞኒተርዎና ፋይልዎ እዚያው ያድራሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚቆለፍ መሳቢያም አለው።

ሆት ዴስክ የሚረክሰው አባላቱ ከወንበሩ ስለሚበዙ ነው። ሁሉም በአንድ ቀን አይመጣም ተብሎ ነው የሚሸጠው። ይህ ስሌት አብዛኛውን ጊዜ ያስኬዳል፤ መብራት የጠፋ ቀን ግን ይፈርሳል። ሰፈሩ ሲጨልም ቤቱ ሆኖ የሚሠራው ሁሉ ላፕቶፑን ይዞ ወደ ጄኔሬተሩ ይሮጣል። ወንበሩ በጣም የሚያስፈልግዎት ቀን ወንበር የሚጠፋበት ቀን ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ከመመዝገብዎ በፊት ስንት አባል ስንት ጠረጴዛ እንደሚጋራ ይጠይቁ። በሥራ ቀን ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ሄደው በዓይንዎ ቢያዩት ደግሞ የተሻለ ነው። ጄኔሬተሩ ሲነሳ የትኞቹ ሶኬቶች እንደሚሠሩም ይጠይቁ፤ አንዳንድ ቦታ አምፖሉና ዋይፋዩ ብቻ ናቸው።

ሰው ሁለቱን ጠረጴዛዎች ሲያወዳድር የወር ክፍያውን ብቻ ያያል። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው የስብሰባ ክፍሉን ሰዓት ነው። ለምሳሌ ደንበኞቿን በሳምንት ሁለት ጊዜ የምታገኝ አንዲት የሂሳብ ባለሙያ እንውሰድ። ዋጋዎቹ ለስሌት ያህል የተወሰዱ ናቸው። ሆት ዴስኩ 6,000 ብር ሆኖ 2 የስብሰባ ሰዓት ይዟል። ዴዲኬትዱ 9,000 ብር ነው፤ 6 ሰዓት አለው። ተጨማሪው ሰዓት 400 ብር ነው። ደረሰኝና ሰነድ በየቀኑ ተሸክማ መመላለስ ስለማትችል፣ ሆት ዴስኩን ከመረጠች የ800 ብር ሎከር ያስፈልጋታል።

በወር 8 ሰዓት ብትሰበሰብ፣ በሆት ዴስኩ 6 ሰዓት ትጨምራለች፤ 2,400 ብር። ከሎከሩ ጋር ጠቅላላው 9,200 ብር ይደርሳል። በዴዲኬትዱ የምትጨምረው 2 ሰዓት ብቻ ስለሆነ 9,800 ብር ትከፍላለች። ዝርዝሩ ላይ 3,000 ብር የነበረው ልዩነት 600 ሆነ። ደንበኞቿን ቢሯቸው ሄዳ የምታገኝ ቢሆን ግን ልዩነቱ 2,200 ብር ስለሚሆን ሆት ዴስኩ ያዋጣታል። ዋጋው 15 በመቶ ቫትን ይጨምር እንደሆነም ትጠይቅ፤ ብዙ ጊዜ ቫቱ የሚታየው ደረሰኙ ላይ ነው።

ሰዓቱም የራሱ ሕግ አለው። ያልተጠቀሙበት ሰዓት በአብዛኛው ወደሚቀጥለው ወር አይሻገርም። የያዙትን ክፍል ዘግይተው ከሰረዙ እንደተጠቀሙበት ሊቆጠር ይችላል። በግማሽ ሰዓት የሚቆጥር ቤት ውስጥ አሥር ደቂቃ ማሳለፍ ግማሽ ሰዓት ያስከፍላል። እንግዳው በትራፊክ 20 ደቂቃ ቢዘገይም ሰዓቱ የሚቆጥረው ክፍሉ ከተያዘበት ደቂቃ ጀምሮ ነው። ደንበኛዎ ሁሌ የሚያረፍድ ከሆነ መጀመሪያ ሳሎኑ ውስጥ ቡና ይጋብዙት፣ ክፍሉንም ዘግየት አድርገው ይያዙ።

ብዙ ቅሬታ የሚነሳው ግን በእንግዳ ላይ ነው። የሕንጻው ጥበቃ መታወቂያ ይጠይቃል፣ ቦርሳ ይፈትሻል፤ ላይ ደግሞ ሪሴፕሽኗ መዝገብ ታወጣለች። ስሙን ቀድመው ካላስመዘገቡ ደንበኛዎ እርስዎ እስኪወርዱ በር ላይ ይቆማል። ከገባ በኋላም ሳሎኑ ውስጥ ለአጭር ጊዜ መቀመጥ ይፈቀድለታል እንጂ፣ አጠገብዎ ወንበር ስቦ ላፕቶፑን ከከፈተ የቀን ክፍያ ይጠየቃል። ዴዲኬትድ ዴስክ ያለው አባል እዚህ ላይ ይቆጣል፤ «ጠረጴዛው የኔ አይደል?» ይላል። የከፈለው ግን ለአንድ ሰው ነው፤ ሁለተኛው ሰው ኢንተርኔቱንም የጎረቤቱንም ጸጥታ ይጋራል። ስብሰባ ክፍል ውስጥ ደግሞ የሚቆጠረው ወንበሩ ነው፤ ለአራት ሰው የተያዘ ክፍል ስድስት ሰው ከመጣ፣ ወይ ትልቁን ክፍል በትልቁ ዋጋ መያዝ ነው ወይ ሁለቱ ውጭ ይጠብቃሉ። አባል ማታም መግባት በሚችልበት ቤት እንኳ እንግዳ የሚገባው ሪሴፕሽን ሰው እስካለ ድረስ ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ ደንበኛ የሚቀበል ሰው ይህን አንቀጽ ሳይፈርም በፊት ያንብብ።