እጅ ሳይታጠቡ መቆየት

በ1966 ለንደን ውስጥ ቪክቶር ማየር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ከአስጨናቂ ሐሳብና ከተደጋጋሚ ድርጊት መላቀቅ ያቃታቸውን ሁለት ታካሚዎች በአዲስ መንገድ እንዳከመ ጻፈ። የሚፈሩትን እንዲጋፈጡ አደረገ፤ ጭንቀቱን ለማስታገስ የለመዱትን ድርጊት ግን ከለከላቸው።

ዛሬ ሕክምናው በደረጃ ይሰጣል። ጀርም ፈርቶ እጁን ደጋግሞ የሚታጠብ ወጣት እናስብ። ከቴራፒስቱ ጋር ሆኖ ለፍርሃቶቹ ከ0 እስከ 100 ነጥብ ይሰጣል፦ የቤቱን በር እጀታ መንካት 30፣ የታክሲ ወንበር 50፣ የጫማ ሶል 70፣ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት በር 90። ከ30ው ይጀምራል። እጀታውን ይዞ ይቆያል፤ ከዚያም ሳይታጠብ ልብሱንና ፊቱን ይነካል። ጭንቀቱ መጀመሪያ ይንራል፣ ብዙውን ጊዜ እየቆየ ይበርዳል። ባይበርድ እንኳ ሊሸከመው እንደሚችል በራሱ ያየዋል። ቤትም በየቀኑ ይደጋግመዋል፤ ሲለምደው ወደ 50ው ያልፋል።

ሥራውን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ስውር ማምለጫ ነው።

እጁን ባይታጠብም በሶፍት ይጠርገዋል፣ በልቡ «ማታ እታጠባለሁ» ይላል፣ ወይም እናቱን «አልታመምም አይደል?» እያለ ይወተውታል። «አትታመምም» የሚለው መልሷ ለጊዜው ያሳርፈዋል፤ ጥያቄው ግን ወዲያው ይመለሳል። መልስ መከልከል ለእናት በእውነት ከባድ ነው። ስለዚህ ሦስቱም አስቀድመው ይስማማሉ፤ እሷም ሲጠይቃት «መጨነቅህን አያለሁ ልጄ፣ ይህን ግን ላለመመለስ ተስማምተናል» ትለዋለች።